ከአምፖሉ ሥር የምትጠብቀው እንሽላሊት

ባለፈው ነሐሴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አክስቴ ቤት ሰነበትኩ። ድሬ በክረምትም ሞቃት ናት። ራት ከተበላ በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የለም። በረንዳው ላይ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ቡና ይፈላል፣ ወሬው ይደራል። ከበሩ በላይ አንድ ነጭ አምፖል አለ። ጨለም ሲል እንሽላሊቶቹ በአምፖሉ ዙሪያ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። በመጀመሪያው ምሽት ስድስት ቆጠርኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ አንገቷን ይዛ እያለቀሰች ተነሣች። ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ ቀይ መስመር ወጥቶባታል። ፍም የተጎተተበት ይመስላል። መስመሩ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች አሉ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ፍርዱ ለመሰጠት ጊዜ አልወሰደም፦ «እንሽላሊት ሸንታባት ነው!» አክስቴም መጥረጊያዋን አነሣች።

እንሽላሊቶቹ ጥፋተኛ አልነበሩም። ግን ይህን ለማሳየት መጀመሪያ ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆኑና ለምን በየምሽቱ እዚያው አምፖል ሥር እንደሚሰበሰቡ መናገር ያስፈልጋል። የልጅቷም ቁስል መልሱ ያለው እዚያው አምፖል ላይ ነው።

በአማርኛ «እንሽላሊት» የምንለው ብዙ ዓይነት እንስሳ ነው። የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቃት እንሽላሊት አብዛኛውን ጊዜ በቀን የምትወጣው ናት። ድንጋይ ካብ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ሰው ሲመጣ ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች። ቆዳዋ ያብረቀርቃል፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ቤት ከገባች ተሳስታ ነው፤ መውጫ ነው የምትፈልገው። ራሱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ድንጋይ ላይ የሚቀመጠው ገበሎም የውጪ ኗሪ ነው። በድሬዳዋ፣ በአፋር፣ በጋምቤላ፣ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሌሊት ግድግዳ ላይ የምናያት ግን ሌላ ናት። ዓለም «ጌኮ» ይላታል። ቆዳዋ ለስላሳና ደብዘዝ ያለ ነው። ዓይኗ ትልቅ ነው፣ የሚጨፈን ሽፋን የለውም። አቧራ ሲነካው በምላሷ ትጠርገዋለች። ርዝመቷ ከነጭራዋ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም።

በእኛ አካባቢ የቤት ጌኮዎች ሄሚዳክቲለስ ከሚባለው ወገን ናቸው። ይህ ወገን በዓለም ላይ ከ150 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ የአፍሪካ ቀንድ ደግሞ በብዛት ከሚገኙባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ማለትም ጌኮዋ ከውጭ የመጣች እንግዳ አይደለችም። ከቤታችን በፊት በቋጥኝና በዛፍ ቅርፊት ላይ ነበረች። እኛ ቤት ስንሠራ እሷ ያየችው ትልቅ፣ ሞቃት፣ ስንጥቅ የሞላበት ቋጥኝ ነው። በዚያ ላይ በየማታው መብራት የሚበራበት።

አሁን ወደ አምፖሉ። ብዙ ሰው እንሽላሊት መብራት የምትወድ ይመስለዋል። መብራቱን አይደለም የምትፈልገው። በረንዳው ላይ ትንሽ አስተውሎ የተቀመጠ ሰው ይህን ራሱ ማየት ይችላል። ጌኮዎቹ አምፖሉ አጠገብ፣ ብርሃኑ በሚያቃጥልበት ቦታ ላይ አይቀመጡም። ብርሃኑና ጥላው በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው የሚያደፍጡት። ዓይናቸው ለጨለማ የተሠራ ነው። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ሥራ፣ አንድ የጌኮ ዝርያ የጨረቃ ብርሃንን በሚያህል ደብዛዛ ብርሃን ቀለም ለይቶ እንደሚያይ አሳይተዋል። እኛ በዚያ ብርሃን የምናየው ግራጫ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ዓይን ያላት እንስሳ ለማየት አምፖል አያስፈልጋትም።

የምትፈልገው አምፖሉ የሚጠራላትን ነው። አማርኛችን ለዚህ ደስ የሚል ስም አለው፦ የእሳት ራት። በማታ ወደ እሳት እየበረረች የእሳቱ ራት የምትሆነዋ ቢራቢሮ። በዛሬው በረንዳ እሳቱ አምፖል ሆኗል፤ ራቱን የምትበላው ደግሞ እንሽላሊቷ ናት።

ነፍሳቱ ለምን ወደ መብራት እንደሚሄዱ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። በጨረቃ አቅጣጫ ስለሚመሩ አምፖሉን ጨረቃ ብለው ይሳሳታሉ የሚለው በብዛት ይነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ሌላ መልስ አቀረቡ። በጣም ፈጣን በሆነ ካሜራ ነፍሳቱን በመብራት ዙሪያ ሲበሩ ቀረጿቸው። ያዩት እንዲህ ነው፦ ነፍሳቱ በቀጥታ ወደ አምፖሉ አይበሩም። ጀርባቸውን ወደ ብርሃኑ ያዞራሉ። ነገሩ የሚገባን የተፈጥሮን ሌሊት ስናስብ ነው። በሌሊት ከምድር ይልቅ ሰማዩ ደመቅ ይላል። ስለዚህ ለአንዲት የእሳት ራት ብርሃን ያለበት አቅጣጫ «ላይ» ነው። ጀርባዋን ወደዚያ ካደረገች ሚዛኗን ጠብቃ ትበራለች። አምፖል ሲመጣ ግን «ላይ» የነበረው ወደ ጎን ይሆናል። ጀርባዋን ወደ ጎን ስታዞር አቅጣጫዋ ይጠመዘዛል፣ አምፖሉን ደጋግማ ትዞራለች። ከአምፖሉ በላይ ካለፈች ደግሞ ትገለበጥና ትወድቃለች። ተይዛ ቀረች ማለት ነው።

እንግዲህ የአክስቴን በረንዳ በዚህ ዓይን እንየው። ነፍሳቱ ይዞራሉ፣ ግድግዳው ላይ ይጋጫሉ፣ ደክሟቸው ያርፋሉ። ጌኮዋ የምትጠብቀው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ራሷን ብቻ ታዞራለች። ቀጥሎ ቀስ ብላ፣ አንድ እግር ከዚያ ሌላ፣ ትጠጋለች። ጥቂት ጣት ሲቀራት ተወርውራ ትለቅማለች። በደህና ምሽት ብዙ መሮጥ አያስፈልጋትም። ለዚህም ነው ቦታው የጠብ ምንጭ የሚሆነው። ትልቁ ወንድ ለአምፖሉ የቀረበውን ቦታ ይይዛል። ትንንሾቹ ዳር ላይ ይቆያሉ፣ ሲጠጉም ይባረራሉ። ሌሊት «ጭክ፣ ጭክ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፦ ቦታዬን ልቀቅ የሚል ማስጠንቀቂያ።

ግን አምፖል በሌለበት ግድግዳስ ለምን? አንዱ ምክንያት ሙቀት ነው። ጌኮ የራሷን ሰውነት ከውስጥ ማሞቅ አትችልም፤ ሙቀትን ከአካባቢዋ ነው የምትወስደው። የድሬ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል፣ ማታ ደግሞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። በተለይ ወደ ምዕራብ የሚያየው ግድግዳ። እጃችሁን ሁለት ሰዓት ላይ ብታስቀምጡበት ገና ሞቃት ነው። ጌኮዋ ሆዷን ለጥፋ ስትቀመጥ እየሞቀች ነው፤ ከሞቀች ምግቧ ይፈጫል፣ ጡንቻዋም ይፈጥናል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን ሌሊቱ ይህን አይፈቅድም። በድሬ፣ በ1,200 ሜትር ገደማ፣ ይፈቅዳል። አዲስ አበቤው እንግዳ ድሬ ሲሄድ በኮርኒሱ ላይ በሚያየው ነገር የሚደነግጠው ስለዚህ ነው።

ሌላው ምክንያት መደበቂያ ነው። ቀን ቀን ጌኮዋ ከቆርቆሮው ሥር፣ ከኮርኒሱ ጫፍ፣ ከሥዕሉ ኋላ፣ ከቆጣሪው ሳጥን ውስጥ ናት። እንቁላሏንም እዚያው ትጥላለች። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፣ ነጭ፣ ክብ፣ የሽምብራን ፍሬ የሚያህሉ። ቅርፊታቸው ጠንካራ ነው። ቁም ሣጥን ስታንቀሳቅሱ እንዲህ ያሉ ሁለት እንቁላሎች ብታገኙ የእባብ አይደሉም። የእባብ እንቁላል ረዘም ያለ፣ ቅርፊቱም እንደ ቆዳ ለስላሳ ነው።

እንዴት አትወድቅም የሚለውን ልጅቷ ደጋግማ ጠይቃኛለች፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ሙጫ የላትም። አየር መጥጦ የሚጣበቅ ነገርም እግሯ ላይ የለም። የጣቶቿ ሥር በጣም ቀጫጭን ፀጉሮች የሞሉባቸው መስመሮች አሉት። ቶኬ በተባለው ትልቅ የእስያ ጌኮ ላይ ሲቆጠር በአንድ እግር ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ፀጉር ተገኝቷል። እያንዳንዷ ፀጉር ደግሞ ጫፏ ላይ በመቶዎች ትከፋፈላለች። የእነዚህ ጫፎች ስፋት ከሰው ፀጉር ውፍረት ከመቶ ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ነገሮች ይህን ያህል ሲቀራረቡ ሞለኪውሎቻቸው እርስ በርስ በስሱ ይሳሳባሉ። የአንዱ ስበት ምንም አይደለም። የሚሊዮኖቹ ድምር ግን ጌኮዋን ኮርኒስ ላይ ይይዛታል። ኬላር ኦተም የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህንን በሙከራ አሳይተዋል። ስትራመድ ጣቶቿን ከጫፍ ጀምራ ወደ ላይ ትጠቀልላለች፤ ፕላስተር ከጠርዙ እንደሚላጥ እግሯም ያለ ችግር ይለቃል።

ጥበቧም ወሰን አለው። እርጥብና ለስላሳ ነገር ላይ መያዣዋ ይዳከማል። ጠዋት የፕላስቲክ ባልዲ ወይም የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ወድቃ መውጣት ያቃታት ጌኮ የምትገኘው ለዚህ ነው። የሚፈረፈር ኖራ ላይም እግሯ የሚይዘው ግድግዳውን ሳይሆን ዱቄቱን ነው፤ ዱቄቱ ሲለቅ እሷም ትወድቃለች። አልጋ ላይ «ዘላ» የምትወድቅ ጌኮ ሰው ልታጠቃ የመጣች አይደለችም። ወድቃ ነው።

ትጎዳለች ወይ? መርዝ ያላት የጌኮ ዝርያ በዓለም ላይ የለችም። መርዛማ ንክሻቸው ለሰው አሳሳቢ የሆኑት እንሽላሊቶች ሂላ ሞንስተርና ዘመዶቹ ናቸው፤ እነሱም ያሉት በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ፣ በሜክሲኮና በጓቲማላ ነው። የቤት ጌኮን ብትይዟት ልትነክስ ትሞክር ይሆናል። ጥርሷ ግን ጥቃቅን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቆዳ እንኳ አይቀድም። በወንዝ ዳር የሚኖረው አርጃኖ ሌላ ነገር ነው። እሱ ትልቅ ነው፣ አጥብቆ ይነክሳል፣ በጭራውም ይገርፋል። ቤት ከገባ ራቅ ብሎ በር መክፈት ነው።

የምትቆረጠው ጭራዋም ሰውን ያስፈራል። መጥረጊያ ሲነካት ጭራዋን ጥላ ትሮጣለች፣ ጭራው ብቻውን ለደቂቃዎች ይንፈራገጣል። መርዝም የለበት፣ ሕይወትም የለበት። በጭራዋ አጥንቶች ውስጥ ከመጀመሪያው ለመሰበር የተዘጋጀ መስመር አለ። አዳኙ የሚንፈራገጠውን ሲያይ እሷ ታመልጣለች። ሌላ ጭራ ይበቅልላታል፤ ውስጡ ግን አጥንት ሳይሆን ልምጭ የሆነ ለስላሳ አጥንት ነው። ጭራ ስብ የምታከማችበት ጎተራዋ ነው። ማጣቱ ለእሷ ቀላል ነገር አይደለምና ልጆች ለጨዋታ እንዲያስቆርጧት አትፍቀዱ።

እውነተኛው ጉዳይ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ኩሷ ላይ። ጌኮዎችና ሌሎች እንሽላሊቶች በአንጀታቸው ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖራቸው ይችላል። እነሱ አይታመሙበትም። ኩሱ ምግብ ላይ፣ ሳህን ላይ፣ ወይም የልጅ እጅ ላይ ሲያርፍ ግን ሰው ሊታመም ይችላል። ምልክቱ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ነው። የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ በአብዛኛው በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሻለዋል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ አዛውንትና በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ግን ሊከብደው ይችላል። ተቅማጡ ደም ካለው፣ ትኩሳቱ ከ39 ዲግሪ ካለፈ፣ ወይም ልጁ መጠጣት ካቃተው ጤና ጣቢያ እንጂ የቤት መድኃኒት አይበጅም።

ኩሱን መለየት አይከብድም። የሩዝ ፍሬ ያህል ነው፤ ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ አንዱ ጫፉ ነጭ ነው። የአይጥ ኩስ ነጭ ጫፍ የለውም። ያ ነጭ ነገር «ሽንቷ» ነው። ጌኮ እንደ እኛ ውሃ የሆነ ሽንት አትረጭም፤ ውሃዋን ቆጥባ ቆሻሻውን እንደ ኖራ አድርቃ ነው የምታስወጣው። ስለዚህ ሌሊት እየዞረች ሰው ላይ የሚያቃጥል ሽንት ትረጫለች የሚለው ነገር ከአፈጣጠሯ ጋር አይሄድም።

አክስቴ ማዕድ ቤት ስገባ ያየሁት ነገር ነበር። ዕቃ የሚደረደርበት ጠረጴዛ በትክክል ከነጭ ፍሎረሰንቱ ሥር ነው። መስኮቱ ወንፊት የለውም። መብራቱ ነፍሳቱን ይጠራል፣ ነፍሳቱ ጌኮዋን፣ ጌኮዋ ደግሞ በላች ማለት ኩሷ ጠረጴዛው ላይ ነው። መሶቡ ክዳን አለው፤ የታጠቡት ሳህኖች ግን አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ነው የሚያድሩት። ሳህኖቹን ደፋናቸው፣ የውሃውን በርሜል ከደንነው፣ ጠረጴዛውን ወደ ሌላው ግድግዳ አዞርነው። ኩሱን በደረቁ አልጠረግነውም፤ እንዳይቦን በሳሙና ውሃ አርጥበን አነሣነው፣ ቦታውን በተበጠበጠ በረኪና ወለወልነው። ሥራው የአንድ ሰዓት ነበር።

«ወተት ውስጥ ገብታ ቤተሰብ ጨረሰች» የሚለውን ወሬም አንስተን ተወያይተናል። በሰውነቷ ውስጥ ቤተሰብ የሚጨርስ መርዝ የለም። ጌኮ የወደቀችበት ወተት ግን ይደፋ፤ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ወተት ውስጥ ባክቴሪያ በሰዓታት ይራባል። ሰው እንደጠጣ ወዲያው ቢወድቅ ምክንያቱ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት፤ ሳልሞኔላ በደቂቃ አይጥልም።

አሁን ወደ ልጅቷ አንገት ልመለስ። ቁስሉ መስመር ነው። ያቃጥላል። ልጅቷ ያደረችው ከመብራት ሥር፣ በክረምት፣ በረንዳ ላይ ነው። ይህ ሦስት ነገር ሲገጥም የምጠረጥረው አንድ ነፍሳ አለ፤ ኬንያውያን «ናይሮቢ ፍላይ» ይሉታል። ዝንብ አይደለም፣ ቀጭን ጥንዚዛ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች፣ ጉንዳን የሚመስል፣ ብርቱካናማና ጥቁር እየተፈራረቀበት ያለ። ከዝናብ በኋላ ይበዛል። አይነክስም፣ አይናደፍም። ግን ደሙ ውስጥ ፔደሪን የሚባል ኃይለኛ ነገር አለ። አንገታችን ላይ ሲሄድ በእንቅልፍ ልባችን ጨፍልቀን ስንጎትተው ያ ነገር በቆዳችን ላይ ይሰመራል። ወዲያው አይሰማም። ከግማሽ ቀን እስከ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የሚቀላውና ውሃ የሚቋጥረው። እስከዚያ ነፍሳው ተረስቷል። ቀና ስንል የምናየው ግድግዳው ላይ ያለችውን ነው።

ትራሱን አገላበጥኩት። ስፌቱ ጋ የተጨፈለቀ፣ ብርቱካናማ ሆድ ያለው ነገር ተጣብቋል። አክስቴን ጠርቼ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችው፣ ከዚያ መጥረጊያውን ቦታው መለሰችው። ትራሱና አንሶላው በሳሙና ታጠቡ። የልጅቷን አንገትም በሳሙናና በብዙ ውሃ አጠብነው፤ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ የበለጠ ይጠቅም ነበር። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስም ያንኑ አለች፣ የሚቀባ ሰጠቻት፣ ዓይኗን በዚያ እጇ እንዳትነካ አስጠነቀቀች። ፔደሪን ዓይን ከገባ ክፉኛ ያቃጥላልና። በ10 ቀን ውስጥ ጠባሳው ደበዘዘ። እንዲህ ያለ ነፍሳ ሰውነታችሁ ላይ ብታዩ አትምቱት። እፍ በሉት ወይም በወረቀት አንሱት።

አንድ ነገር ልጨምር። እንዲሁ ነገር ሄደብኝ፣ ሸናብኝ የሚባልበት ሌላም ቁስል አለ፤ አልማዝ ባለጭራ። እሱ በአንድ ጎን ብቻ፣ እንደ ቀበቶ ዙሮ ይወጣል፣ ሕመሙም ብዙ ጊዜ ከቁስሉ ይቀድማል። መነሻው በልጅነት ቺክን ፖክስ ካመጣ በኋላ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ የቆየ ቫይረስ ነው። መድኃኒት አለው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ሲጀመር የተሻለ ይሠራል። «እንሽላሊት ነው፣ ይለቃል» ተብሎ የሚባክነው እነዚያ 3 ቀናት መሆናቸው ያሳዝነኛል።

በሊባኖስና በሶርያ ጌኮን «አቡ ብሬስ» ይሏታል፤ ስሙ ከለምጽ ጋር የተያያዘ ነው። እዚያ ለሥራ የሄዱ እህቶቻችን ይህን ስም ከነፍርሃቱ ሰምተውታል። ለምጽ ግን ከእንስሳ የሚጋባ አይደለም፤ የራሳችን የመከላከያ ኃይል ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትኖሩ የሚጠቅመው ሌላ ነው፦ ጌኮዎች የኤሲ ማሽን ውስጥ መግባት ይወዳሉ፣ ይሞቃልና። የማሽኑ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ ሲያልፉ ኤሌክትሪክ ይይዛቸዋል፣ ማሽኑም ይቃጠላል። ቱቦው በግድግዳ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ማስደፈን ከጥገና ይረክሳል።

ቢንቢ ይበላሉና ይጠቅማሉ የሚል አለ። ይበላሉ፤ ግን በአጎበር ፋንታ አትቁጠሯቸው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2022 ያየችው የወባ ወረርሽኝ ከአኖፌለስ ስቴፈንሳይ ጋር የተያያዘ ነበር። ይህች ቢንቢ የምትራባው በከተማ፣ በውሃ በርሜልና በታንከር ውስጥ ነው። የበርሜሉን ክዳን ማጥበቅ ከስድስት ጌኮ ይበልጣል።

ጌኮዎቹ ቤት እንዳይበዙ ከተፈለገ የሚነካው አምፖሉ ነው። የእንቁላል ቅርፊት በር ላይ ማንጠልጠል አይሠራም፣ ጌኮዋ በቅርፊቱ ላይ ስትሄድ አይቻለሁ። የአይጥ ማጣበቂያ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚገድል ጭካኔ ነው፤ ተጣብቃ ካገኛችኋት የምግብ ዘይት ቀስ አድርጋችሁ ስትቀቡ ትለቃለች። ክፍል ውስጥ የገባችውን በብርጭቆ ከድኖ፣ ከሥሩ ወረቀት አስገብቶ ማውጣት ይቻላል።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። የበረንዳውን ነጭ አምፖል፣ ማሸጊያው ላይ 6500 የሚል ቁጥር ያለበትን፣ 2700 በሚል ቢጫ ለወጥነው። ሰማያዊነት ያነሰበት ብርሃን የሚጠራቸው ነፍሳት ጥቂት ናቸው። ነጩን ከበሩ አንሥተን ግቢው በር ላይ ሰቀልነው። ፍራሹንም ከመብራቱ ሥር ወደ ጨለማው ጥግ አዞርነው፣ ይህ ለናይሮቢ ፍላዩ ነው። በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጎማ ዘጋነው፤ የእርሳስ ውፍረት ያህል ክፍት ቦታ ለጌኮ በር ነው።

ከዚያ ልጅቷ ቆጣሪ ሆነች። በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ ጣቷን እየቀሰረች። የመጀመሪያው ማታ አሁንም ስድስት ነበሩ፤ የለመዱት ቦታ ነው። በሦስተኛው አራት። ዝናብ የጣለ ማታ ነፍሳት በዝተው እንደገና አምስት ሆኑ። በዘጠነኛው ማታ በረንዳው ላይ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፣ አንዱ ጭራው ገና በመብቀል ላይ ያለ። ሌሎቹን ፍለጋ እጄን ይዛ ወደ ግቢው በር ወሰደችኝ። ነጩ አምፖል ሥር፣ ጥላውና ብርሃኑ የሚገናኙበት ላይ፣ ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። «ትልቁ ያ ነው፣ አምፖሉ አጠገብ ያለው» አለችኝ ቀስ ብላ፣ እንዳይሰሙ።